ለእማዬ ልደት፦ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ወይስ የድሮ ፎቶ?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ፣

የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነው። እማዬ ኅዳር ላይ 80 ዓመት ይሞላታል። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው የተወለድኩት ስለምትል ቀኑን እናውቀዋለን እንጂ ልደቷን አክብረንላት አናውቅም። ዘንድሮ ግን ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ እህቴ ከአጋሮ ይመጣሉ። ገንዘብም አዋጥተናል።

ጭቅጭቁ ስጦታው ላይ ነው። ወንድሜ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እንግዛላት ይላል። «ፎቶ ምን ያደርግላታል? የሚጠቅማትን እንስጣት» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ የእሷና የአባዬ የሠርግ ፎቶ እንዲታደስ እፈልጋለሁ። እርጥበት በልቶት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ድሮ ሳሎን ነበር የሚሰቀለው። አባዬ ካረፈ በኋላ እሷው አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እህቴ «ተስማሙና ንገሩኝ» ብላ ዝም ብላለች።

እማዬን ስጠይቃት «ምንም አልፈልግም፤ እናንተ ብቻ ኑሩልኝ» ትላለች። ቤት ውስጥ የምትረዳን ልጅ አለች፤ ልብሱንም የምታጥበው እሷ ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቡናውንም የምታፈላው እሷ ሆናለች፤ እማዬ በርጩማው ላይ መቀመጥና መነሳት አቅቷታል፣ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። ወንድሜ «አንቺ ስሜታዊ ነሽ» ሲለኝ ይከፋኛል። ግን እውነቱን ቢሆንስ?

ልጇ፣ ከጅማ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ደጋግሜ የተመለስኩት ወደ መጨረሻው አካባቢ እግረ መንገድሽን ወደጻፍሻት ነገር ነው። ቡናውን አሁን የምታፈላው ልጅቷ ናት ብለሻል። ጅማ ላይ፣ በዚያ ዕድሜ ላሉ እናት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤት የሚጠራው፣ ወሬ የሚሰማው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው ረከቦቱ ዙሪያ ነው። ለዘመናት ከጀበናው ኋላ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ፣ ቡናውን ይጠጣል እንጂ ቦታው ግን ተለውጧል። እናትሽ ይህን አንስተው አማርረው ያውቃሉ? ባያማርሩ አይገርመኝም። ልጅን ላለማስቸገር ዝም የሚባልበት ነገር ብዙ ነው።

ስለዚህ ማሽን ወይስ ፎቶ ከሚለው በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እናትሽ ባለፉት አንድ ሁለት ዓመታት ምን ምን ተዉ? ወደውት የተዉትን አይደለም የምልሽ። አካላቸው እምቢ ስላላቸው የተዉትን ነው። አረጋዊን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ ስትጠይቂ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። «ምን ናፈቀሽ?» ስትያቸው ግን ይናገራሉ። ከቻልሽ በዚህ ሳምንት፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ «እማዬ፣ ቡና ማፍላቱ አይናፍቅሽም?» በያቸው። «ተገላገልኩ!» ካሉ እሰየው። ፈገግ ብለው ዝም ካሉ ግን መልሱን አግኝተሻል።

ወንድምሽ የሚጠቅም ነገር ይገዛ ማለቱ ልክ ነው። የተሳሳተው የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ላይ ይመስለኛል። ልብሱን የምታጥበው ልጅቷ ከሆነች ማሽኑ የሚያቀለው የእሷን ድካም ነው። ያም በጎ ነገር ነው፤ ልጅቷም ሰው ናት፣ ቢገዛላት ደስ ይለኛል። ግን የቤት ዕቃ ሆኖ በሌላ ቀን ይገዛ። ሲገዛም ቧንቧችሁ ግፊት ያለው ውኃ በየቀኑ ያገኛል ወይ የሚለውን አስቡበት። ውኃ በተራ የሚመጣበት ቤት ከሆነ በባልዲ የሚሞላው፣ ባለ ሁለት ገንዳው ዓይነት ይሻላል። ሙሉ አውቶማቲኩ የቧንቧ ግፊት ካላገኘ፣ ወይ መብራት መሃል ላይ ከጠፋ፣ እርጥብ ልብስ ይዞ ይቆማል።

ለልደታቸው የምመክርሽ ግን ሌላ ነው። ወንበር አሠሪላቸው። ጉልበት ለደከመ ሰው በልክ የተሠራ የቡና ወንበር፣ ከእሱ ጋር የሚመጣጠን ረከቦት የሚቀመጥበት ጠረጴዛም አብሮ። ያላችሁት ጅማ ነው፤ እንጨት ሥራ ደግሞ የከተማው ሙያ ነው።

አሁን ነገሩን ዘርዘር ላድርግልሽ፤ ወንበር ሲሠራ በጥቂት ጣት ልዩነት የሚጠቅምም የማይጠቅምም ይሆናል። የጅማ በርጩማ ያምራል፣ ግን ዝቅተኛ ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ይሆናል። ለመነሳት መላ ሰውነቱን በጭኑና በጉልበቱ ብቻ መግፋት አለበት። የእናትሽ ጉልበት እምቢ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልካቸውን ውሰጂ። ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው፣ እግራቸው መሬት ላይ ሙሉ ለሙሉ አርፎ ሲቀመጡ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው መታጠፊያ ኋላ ድረስ በሜትር ለኪው። ብዙ ሴቶች ላይ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የወንበሩ መቀመጫ ከዚያ ልክ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ከፍ ቢል ለመነሳት ያግዛል። ከዚያ በላይ ካደረግሽው ደግሞ እግራቸው ይንጠለጠላል፤ ጭናቸው ከሥር ይጫናል፣ እግራቸውም ይደነዝዛል።

ሌላም መንገድ አለ። ከየትኛው ወንበር ላይ በቀላሉ እንደሚነሱ ለጥቂት ቀን ልብ በይ። የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት ቤት አግዳሚም ሊሆን ይችላል። ያንን ለኪው። ሁለቱ ልኮች ከተቀራረቡ አትሳሳቺም።

መደገፊያው ክንድ ወሳኝ ነው። ብዙ አናጺ ለመልክ ብሎ ክንዱን ከመሃል ይቆርጠዋል። ሰው ሲነሳ ግን እጁን የሚያሳርፈው ፊት ለፊት ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ ክንዱ እስከ መቀመጫው ጠርዝ ድረስ ይምጣ። ጫፉም ክብ ብሎ ለእጅ የሚመች ይሁን። ከፊት በኩል ባሉት ሁለት እግሮች መካከል ዝቅ ብሎ የሚገባውን አግዳሚ እንጨት ደግሞ እንዳያስገባው ንገሪው። ሰው ከወንበር ሲነሳ መጀመሪያ እግሩን ወደ ኋላ፣ ወደ ወንበሩ ሥር ይስባል። ያ እንጨት ካለ ተረከዛቸው ይመታና መሳብ አይችሉም። ማጠናከሪያ ካስፈለገ በጎንና በኋላ በኩል ይግባ። መቀመጫው ደግሞ በጣም ጥልቅ እንዳይሆን፤ ጀርባቸው ተደግፎ እያለ ከጉልበታቸው ኋላ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ስፖንጁ ጠጣር ይሁን። ለስላሳ ስፖንጅ ሲቀመጡበት ይሰምጥና ያ የለካሽው ከፍታ ሁሉ ይጠፋል። ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለመነሳት የሚቸገሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

እንጨቱ የደረቀ መሆኑን ሳታረጋግጪ ቀብድ አትስጪ። ዋንዛ ጥሩ ነው፣ ቀለል ያለና ለመቅረጽ የሚመች። ግን እርጥብ እንጨት ቤት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው ይላላና ወንበሩ መወዛወዝ ይጀምራል። ለወጣት ሰው የሚወዛወዝ ወንበር ችግር የለውም። ለ80 ዓመት እናት ግን መውደቅ ማለት ነው። እንጨቱን አንሺው፤ ከመጠኑ በላይ ከከበደና ሲነካ ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው። እግሮቹም በምስማር ብቻ የተመቱ ሳይሆኑ እርስ በርስ ተሰክተው በኮላ የተያዙ ይሁኑ።

አናጺውን አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂው። የወንበሩን እግሮች ከልኩ ሦስት ሴንቲ ያህል አስረዝሞ ይተዋቸው። ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ቤት አምጥቶ ወይ በባጃጅ አስልኮ እናትሽ ይሞክሩት። ተቀምጠው ሦስት አራት ጊዜ ይነሱ። ከፍ ካለ ይቆረጣል። አጥሮ የተሠራን እግር ግን ማስረዘም አይቻልም፤ ሥሩ ቁራጭ እንጨት መለጠፍም አደገኛ ነው። ይህን ካደረግሽ ስጦታው ድንገተኛ አይሆንም፤ ግድ የለም። በዚህ ዕድሜ ልክ የሆነ ነገር ድንገተኛ ከሆነ ነገር ይበልጣል። ጀርባው ላይ ግን ጌጡን አትቆጥቢ፤ የጅማ ቅርጽ ይቀረጽበት። የታማሚ ወንበር እንዳይመስል። ሰው ሲገባ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያደንቀው መሆን አለበት እንጂ «ምን ሆኑ?» ብሎ የሚጠይቅበት መሆን የለበትም።

ጠረጴዛው ደግሞ ቀላል ነው። ረከቦቱ ሲቀመጥበት ሲኒዎቹ የሚደረደሩበት ገጽ ከወንበሩ መቀመጫ ጋር እኩል ወይም በጥቂት ጣት ከፍ ያለ ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ ጀበናውን ለማንቆርቆር ትከሻቸውን ማንሳት ሊኖርባቸው ነው፤ ትከሻው ይደክማል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። ጀበናውም ትንሽ ይሁን። ትልቁን ሙሉ ጀበና አንድ ጊዜ ከማንሳት ትንሹን ሁለት ጊዜ ማፍላት ይሻላል። ከሰሉን ግን ከፍ አታድርጊው። ምድጃው መሬት ላይ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ራቅ ብሎ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ይቀመጥ። መቁላቱንና ማፍላቱን ልጅቷ ትያዝ፤ የተቆላውን ለማሽተት ታዙርላቸው፤ ሲፈላ ጀበናውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ በማቶቱ ታስቀምጥላቸው። ማንቆርቆሩ፣ ስኳሩን መጠየቁ፣ «ቶና ሳትጠጡ አትሄዱም» ማለቱ የእሳቸው ይሁን።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት አንድ እሑድ ሞክሪው። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር አምጪ፣ ረከቦቱን ጠንካራ ሣጥን ላይ አስቀምጪ፣ ጀበናውን አቅርቢና ምንም አትበይ። እጃቸው ወደ ጀበናው ከሄደ ሥራሽን ጀምሪ። ካልሄደም አልከሰርሽም። ቡናው ተትቶ ሊሆን ይችላል እንጂ መነሳትና መቀመጥ አልተተወም፤ ወንበሩ ያኔም ይጠቅማቸዋል፣ ጠረጴዛውን ግን ተዪው።

የጉልበቱን ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ። ሕመሙ ቀስ እያለ በዓመታት የመጣ ከሆነ የተለመደ ነው። ያበጠ፣ የሚያተኩስ፣ የቀላ ወይም በድንገት የባሰ ከሆነ ግን ወንበሩን አትጠብቂ፤ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ፎቶው። ስሜታዊ መሆንሽ ጥፋት አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ፎቶውን ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ለምን አወረዱት? እርጥበቱ አባሰው ብለው ለማዳን ሊሆን ይችላል። ሐዘኑ ከብዷቸውም ሊሆን ይችላል፤ ባል በሞተ ማግሥት የሠርግን ፎቶ በየቀኑ ማየት ለሁሉም ሰው መጽናኛ አይደለም። ምክንያቱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አንቺ ካላወቅሽ፣ ያንን ፎቶ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ ኬክ እየተቆረሰ፣ ድንገት ፊታቸው ላይ አትግለጪው። ሰው ፊት ለማልቀስም ላለማልቀስም መቸገር ከባድ ነው። ከሳጥኑ አውጥተሽ «እማዬ፣ ይቺን ሳትበላሽ ላሳድሳት?» ብለሽ አሳዪያቸው። ያኔ የሚሉሽን ስሚ። «ተዪው» ካሉ ተዪው፤ ግን ምስሉን ለራስሽ አንሥተሽ አስቀምጪ፤ ያ ለእናንተ ለልጆቹ ነው።

እሺ ካሉሽ ደግሞ ፎቶውን ከመስታወቱ አትላቅቂው። በውኃም፣ በእንፋሎትም፣ በቢላም እንዳትሞክሪ፤ ማንም ፎቶ ቤት «እኔ እላቅቀዋለሁ» ቢልሽም እንቢ በይ። ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ነው ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀው። ሲላቀቅ ወረቀቱ እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ፊታቸው መስታወቱ ላይ። ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ፤ መስታወቱ በደንብ ተወልውሎ፣ ወደ ታች ተገልብጦ፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ። ስካነሩ ከጠበበ በስልክ አንሺው። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጪው፤ ነጸብራቅ እንዳይኖር ሌላ ሰው ከኋላሽ ጥቁር ጨርቅ ይዘርጋ፤ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገሽ ያዢ።

ለሚያድሰው ልጅ ደግሞ «እድፉንና ስንጥቁን ብቻ አጥፋልኝ» በይው። ብዙ ጊዜ ለማሳመር ብለው ቆዳውን ያለሰልሱታል፣ ቀለም ይጨምሩበታል፣ የጠፋን ዓይን ከሌላ ፎቶ አምጥተው ይተኩታል። አባትሽ ያምራሉ፣ ግን አባትሽ አይሆኑም። እናትሽ ደግሞ ያንን ገና ሲያዩት ያውቃሉ። ከመታተሙ በፊት ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ፊታቸውን ብቻ አመሳክሪ።

ሲታተም ተለቅ ብሎ፣ በማያብለጨልጭ ማት ወረቀት ይሁን። የአረጋዊ ዓይን የሚቸገረው በትንሽ ፊትና በነጸብራቅ ነው። ፍሬሙ ውስጥ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን ይግባ፤ ሁለቱ ካልተነካኩ ሁለተኛ አይጣበቁም። ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይም አትስቀሉት። የጅማን ክረምት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያላበው ግድግዳ ፍሬሙን አይምርም። ዋናውን ከነመስታወቱ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከወለል ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

ፎቶውን የምትሰጫቸው ጊዜ ማታ ይሁን፤ እንግዳው ሄዶ እናንተ ልጆቹ ብቻ ስትቀሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ «ይቺ ሚዜ ማን ናት? ልብሱን ማን ሰፋው?» እያልሽ ጠይቂያቸው። ከፈቀዱልሽ በስልክሽ ድምፃቸውን ቅጂ፤ ስሞቹንም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሬሙ ጀርባ ላይ ለጥፊው። እነዚያን ስሞች ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ አለ? እኔ እጠራጠራለሁ።

ወንድምሽን ደውለሽ ስታዋሪው በፎቶው አትጀምሪ። «ያልከውን አሰብኩበት፤ የሚጠቅማትን እንግዛ ያልከው ልክ ነው። ግን ልብስ የምታጥበው እሷ አይደለችም። እሷን ያስቸገራት መነሳት ነው» በይው። የወንበሩን ልክ ላኪለት። ከእናቱ ርቆ የሚኖር ልጅ ትልቅ ዕቃ ልግዛ የሚለው ብዙ ጊዜ አጠገባቸው አለመኖሩ ስለሚከነክነው ነው። ስለዚህ የሚይዘው ሥራ ስጪው፤ የወንበሩን ክፍያ እሱ ይጨርስ፣ በዋዜማውም ቀድሞ መጥቶ ከአናጺው ቤት እሱ ያምጣው። እህትሽም ዝም ብላ አትቀመጥ፤ ትንሹን ጀበናና አዲስ ሲኒዎች ከአጋሮ ይዛ ትምጣ። የወንበሩ፣ የጠረጴዛውና የፎቶው ወጪ ተደምሮ ከማሽኑ ዋጋ ብዙ ሊያንስ ይችላል። የተረፈውን ለማሽኑ መነሻ አስቀምጡት፤ ያኔ ወንድምሽም አልተሸነፈም።

በርጩማውን ደግሞ እንዳትሸጪው፣ ለሰውም እንዳትሰጪው። አዲሱ ወንበር ሲገባ ያው የነበረበት ቦታ ይቆይ፤ ቡና የምታፈላው ልጅ ትቀመጥበታለች።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቤታችሁ ጠበል ጻዲቅ ካለ ቡናው ለብዙ ሰው ነውና፣ ወንበሩ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቤት ገብቶ ይልመዱት። አናጺዎች ደግሞ «ለሐሙስ» ያሉትን ለሌላ ሐሙስ ነው የሚያደርሱት። እሑድ ሞክረሽው ከሆነልሽ፣ ሰኞ ሜትርሽን ይዘሽ ሂጂ።